«ሽሮ» ብቻ ለእንግዳ አይበቃም፦ የጾም ምግብና ወጥ በእንግሊዝኛ ሜኑ ላይ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እህቴ ቦሌ አካባቢ አነስ ያለች ምግብ ቤት አላት። ፈረንጆች መምጣት ስለጀመሩ ሜኑውን ወደ እንግሊዝኛ መልሺልኝ ብላ ሰጠችኝ። የጾሙ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። ‹ፋስቲንግ ፉድ› ብዬ ጻፍኩ፤ እንግዶቹ አሁንም አስተናጋጁን እየጠሩ ይጠይቃሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ሁሉንም ‹ስፓይሲ ስቱ› ልበል? ወጦቹንስ እንዴት ልለያቸው?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንግሊዝኛሽ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው የሚተረጎመው አማርኛ ነው። የእኛ ሜኑ «ሽሮ» ይላል፣ ዋጋውን ያስከትላል፣ አለቀ። ለእኛ ሌላ ነገር አያስፈልገንም። ሽሮ ከምን እንደሚሠራ፣ ትኩስ ሆኖ እንደሚመጣ፣ በእንጀራ እንደሚበላ ከልጅነታችን እናውቃለን። እንግዳው ግን ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። ስለዚህ ሥራሽን በሁለት ክፈይው። መጀመሪያ ሜኑው ያልጻፈውን በአማርኛ ጻፊ። ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሺው ያንን ነው።

ያልተጻፈው ደግሞ ያለው ማብሰያ ቤት ነው። ምሳ ካለቀ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ደብተር ይዘሽ ከወጥ ሠሪዋ አጠገብ ተቀመጪ። ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂያት። ዋናው ነገር ምንድን ነው? በዘይት ነው ወይስ በቅቤ? በርበሬ ገብቶበታል ወይስ እርድ ብቻ? ሰናፍጭ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ወይም ስንዴ አለበት? በትኩሱ ነው የሚቀርበው ወይስ ቀዝቅዞ? ድስቱና ጭልፋው ለሥጋ ወጥም ያገለግላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል። መልሱን ሳታውቂ ግን አንዳንድ ነገር መጻፍ አትችይም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ «ፋስቲንግ» እንምጣ። ይህ ቃል ለእንግሊዝኛ አንባቢ ከምግብ መከልከል ማለት ነው። «ፋስቲንግ ፉድ» ሲል ያነበበ ሰው ምግብ ለማይበላ ሰው የተዘጋጀ ምግብ ሆኖበት ግራ ይጋባል። ወይም የሃይማኖት ሰዎች ብቻ የሚያዙት ይመስለውና ገጹን ያልፈዋል። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይበላ እንግዳ አዲስ አበባ ላይ እንደ ጾሙ ገጽ የሚመቸው ነገር የለም። ለእሱ የሚገባው ቃል «ቪጋን» ነው። ርዕሱ ላይ ቪጋን የሚለውን አስቀድሚ፣ «የጾም» የሚለውን የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል አስከትይ። ከሥሩ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን በጾም ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም በይ። በዚህ ገጽ ያሉት ምግቦች የእነዚያ ቀናት ምግቦች ናቸው፣ እኛ ግን በየቀኑ እናቀርባቸዋለን በይ። እህትሽ በየቀኑ የማታቀርብ ከሆነ ደግሞ የምታቀርብባቸውን ቀናት ጻፊ።

ይሁን እንጂ «የጾም» እና «ቪጋን» ሁልጊዜ አይገጥሙም። መጀመሪያ ዓሣ አለ። ብዙ ምግብ ቤቶች በጾም ወራት ዓሣ ጥብስና ዓሣ ጉላሽ በጾሙ ገጽ ላይ ያስቀምጣሉ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የእኛ የቤት ጉዳይ ነው። ሜኑው ላይ ግን ዓሣ ቪጋን ከሚል ርዕስ ሥር ሊገኝ አይገባም። ለብቻው አውጪው። ቀጥሎ ማር አለ። አዋዜ በጠጅ የሚለወስበት ቤት ካለ ማሩ አብሮ ይገባል፤ ማር ደግሞ ጥብቅ ቪጋን የሆነ ሰው አይበላም። በጠጅ ወይም በአረቄ የተለወሰ አዋዜ ለሙስሊም እንግዳም ሊነገር የሚገባ ነገር ነው። እንግዲህ የድስቱ ጥያቄ እዚህ ይመጣል። ምስሩ በዘይት ተሠርቶ ጭልፋው ከቀይ ወጥ የመጣ ከሆነ፣ የጻፍሽው ቃል ውሸት ሆነ። የተለየ ድስትና ጭልፋ ካላችሁ በልበ ሙሉነት «ቪጋን» በይ። ከሌላችሁ ከገጹ ግርጌ ማብሰያ ቤቱ ሥጋና ቅቤም እንደሚጠቀም በአንድ መስመር ተናገሪ። እንግዳው ራሱ ይወስናል።

ሽሮን እስቲ አብረን እንሥራው፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነውና። በአንድ ስም ውስጥ ብዙ ምግብ ተደብቋል። የጾም ሽሮ በዘይት ነው፣ ቪጋን ነው። የፍስክ ሽሮ ቅቤ ገብቶበታል፤ ሥጋ ስለሌለበት «ቬጀቴሪያን» ነው፣ ቪጋን ግን አይደለም። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለበት፤ ሁለቱንም አይደለም። ሦስቱ በአማርኛው ሜኑ ተከታትለው ስለሚጻፉ ተርጓሚው አንዱን መግለጫ ለሦስቱም ይገለብጣል። ሥጋ የማይበላው እንግዳ ቦዘናውን ያዛል፣ ሁለተኛ ጉርሻ ላይ ሥጋ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ብትሉትም አይመለስም።

የሽሮው ዱቄት ከምን እንደሆነም ጠይቂ። ከሽምብራ፣ ከአተር፣ ከባቄላ ወይም ከእነዚህ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። «ቢንስ» ብለሽ አትለፊው። ሽምብራ «ችክፒ» ነው፣ ፈረንጁ ያውቀዋል፣ ይወደዋልም። ባቄላ «ፋቫ ቢን» ወይም «ብሮድ ቢን» ነው። ባቄላ በዘር በሚወረስ የደም ችግር የተነሣ በጽኑ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ። ስሙን ካዩ ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ከዚያ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን የሚለው ይመጣል። ተጋቢኖ ወፍራም ነው፣ በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል። ይህ ለእንግዳ የሚስብ ነገር ስለሆነ አትተይው። እንግዲህ የተጋቢኖ መግለጫ በአማርኛ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «የተቆላ የሽምብራ ዱቄት በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ የበሰለ፣ ወፍራምና ለስላሳ፤ በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል። መጠነኛ ማቃጠል አለው። ቪጋን።» ይህንን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቂ። ዋናው ነገር ይቀድማል፣ አሠራሩ ይከተላል፣ ከዚያ ጣዕሙና ማቃጠሉ፣ በመጨረሻ ምልክቱ። በሁሉም ምግብ ላይ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከጠበቅሽ እንግዳው ሦስተኛው ምግብ ላይ ሲደርስ ዓይኑ የሚፈልገውን ቦታ ያውቃል።

ምስር ወጥ ቀላል ነው። የተከካ ቀይ ምስር ነው፣ በርበሬ አለው። ክክ አልጫ የተከካ አተር ነው፣ በእርድ ቢጫ ሆኖ የተሠራ፣ የማያቃጥል። ጎመንን «ካቤጅ» አትበይው፤ ያ ጥቅል ጎመን ነው። የእኛ ጎመን ለአሜሪካዊ «ኮላርድ ግሪንስ» ነው። እንግሊዛዊው ይህን ስም ላያውቀው ስለሚችል «ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል» የሚል ጨምሪበት። ጎመን በሥጋን ከዚህ ገጽ አርቂ።

ሱፍ ፍትፍት ላይ ብዙ ሜኑ ይሳሳታል። ሱፍ «ሳፍላወር» ነው። «ሰንፍላወር» የሚባለው ሱፍ አበባ ነው፣ የፈረንጅ ሱፍ የምንለው። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ስለሚመሳሰሉ ይምታታሉ። ወጥ ሠሪዋ የምትጠቀምበት የትኛው እንደሆነ ፍሬውን አይተሽ እርግጠኛ ሁኚ። ከዚያ ቀዝቅዞ የሚቀርብ መሆኑን መጻፍ አትርሺ። እንግዳው ትኩስ ጠብቆ ቀዝቃዛ ሲመጣለት የተረሳ ምግብ ይመስለዋል፣ አሙቁልኝ ብሎ ይመልሰዋል። አዚፋም እንደዚሁ ነው። ምስር ከሰናፍጭ፣ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር፣ ቀዝቅዞ የሚቀርብ። «የምስር ሰላጣ» ብትይው ወዲያው ይገባዋል። ቡቲቻ ደግሞ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። የሽምብራ ዱቄት መሆኑንና እንቁላል እንደሌለበት በግልጽ ካልጻፍሽ በያይነቱ ያዘዘው ቪጋን ትሪውን ገፍቶ ይነሣል።

ሰናፍጭን ስጠቅስ አንድ ነገር ላንሣ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ቤት ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ ያለበት 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች አሉ፤ ሰናፍጭ፣ ሰሊጥና ግብጦም ከእነሱ መካከል ናቸው። ስሌጆ፣ አዚፋና ለውዝ በሚቀርብበት ቤት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አሜሪካም ሰሊጥን ከ2023 ጀምሮ በዋና የአለርጂ ምግቦች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። አዲስ አበባ ላለ ቤት እነዚህ ሕጎች አይሠሩም። ከዚያ የመጣ እንግዳ ግን ሜኑ ላይ ማየት የለመደው ይህንን ነው፤ ሳይጻፍ ሲቀር የለም ማለት ይመስለዋል። ጀርመን ወይም ስዊድን ምግብ ቤት ለከፈተ ወገን ሜኑ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ማሳወቁ ምርጫ የለውም፣ ሕግ ነው።

«ስፓይሲ» የሚለውን ቃል ከገጹ ብታስወጪው ደስ ይለኛል። በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ ቅመም የበዛበት ነው፣ ሌላው የሚያቃጥል። አልጫ ወጥ ቅመም አለው፣ ግን አያቃጥልም። «ስፓይሲ» ካልሽው የሚያቃጥል ነገር የማይችል ሰው ይሸሸዋል፣ እሱ ሊበላው የሚችለው ወጥ ግን እሱ ነበር። «ሆት»ም አይረዳሽም፤ ትኩስ ማለትም ነውና። ቅመሙን በስሙ ጥሪው፣ ማቃጠሉን ደግሞ በተሣለ ቃሪያ አሳዪ። ቃሪያ የሌለው አልጫ፣ አንድ ቃሪያ ለስለስ ያለ ሽሮ፣ ሁለት ቃሪያ የበርበሬ ወጥ፣ ሦስት ቃሪያ ሚጥሚጣ የገባበት። መመዘኛው የእኛ ምላስ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር አንድ ቃሪያ ይሆናል። በርበሬ ያልለመደ ሰው አስቀምሺና እሱ የሚለውን ጻፊ። ቃሪያ ስንግ ላይ በተለይ ጠንቀቅ በይ። ፈረንጁ የሚያውቀው የታጨቀ ፔፐር ጣፋጭና ትልቅ ነው። እንደዚያ መስሎት በአንዴ ይነክሰዋል።

በርበሬ ራሱን «ፔፐር» አትበይው፤ ቁንዶ በርበሬ ይሆንብሻል። «ቺሊ ፓውደር»ም አይገልጸውም፤ የእኛ በርበሬ ብቻውን የተፈጨ አይደለም። ስሙን እንዳለ በላቲን ፊደል አስቀምጪና ከገጹ ግርጌ አንድ ጊዜ ግለጪው፦ «በደረቀ ቀይ ቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሌሎች ቅመሞች የተዘጋጀ ዱቄት።» ሌሎቹን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ንጥር ቅቤም፣ ሚጥሚጣም፣ እንጀራም እዚያው ግርጌ አንድ አንድ መስመር ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ በየምግቡ ሥር ስማቸውን ብቻ ትጠሪያለሽ፣ ገጹም አይጨናነቅም።

የቅመም ስም ውስጥ የተለመደ ስሕተት አለ። አዝሙድ የሚል ባዩ ቁጥር «ኩሚን» የሚጽፉ አሉ። ኩሚን ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድ «አጅዋይን» ነው፣ ሕንድ ምግብ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ጥቁር አዝሙድ «ኒጄላ» ነው። ኮረሪማን «የኢትዮጵያ ካርዳሞም» ብትይው ትክክል ነው፤ «ብላክ ካርዳሞም» ግን ሌላ ቅመም ነው። እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ቅመም ተይው። ሁለት ቅመም በትክክል የጠራ መግለጫ ስድስት ከደረደረው ይሻላል።

ወደ ወጦቹ ስትመጪ መጀመሪያ ወጥን ከጥብስ ለዪ። ወጥ «ስቱ» ነው፣ ይህ ያስኬዳል። ጥብስ ስቱ አይደለም፤ በመጥበሻ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ ሥጋ ነው። ሁለቱን አንድ ካልሻቸው መረቅ የፈለገው ደረቅ፣ ደረቅ የፈለገው መረቅ ይመጣለታል። ከዚያ ወጡን በሁለት ክፈይ፦ ቀይ በበርበሬ፣ አልጫ በእርድ። ይህንን ክፍፍል በገጹ ራስ ላይ አንድ ጊዜ ከጻፍሽ በየወጡ ሥር መድገም አያስፈልግሽም።

ስቱ የሚለው ቃል የማይነግረው ግን ቁሌቱን ነው። ፈረንጁ ስቱ ሲል ሥጋና አትክልት በብዙ ውኃ የተቀቀለበትን ያስባል። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ደቅቆ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ይቁላላል፣ ሟሙቶ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ይህንን አንድ ሐረግ ብትጨምሪ ሁለት ነገር ታገኛለሽ። እንግዳው ከፊቱ የሚመጣውን ያውቃል። ስንዴ የማይስማማውም ሰው መረቁ በዱቄት እንዳልወፈረ ይረዳል።

የዶሮ ወጥ መግለጫ እንዲህ ይሁን፦ «ከነአጥንቱ የሆነ ዶሮና ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል፣ ለረጅም ሰዓት በቁሌት፣ በበርበሬና በንጥር ቅቤ የበሰለ ቀይ ወጥ። ሁለት ቃሪያ።» ከነአጥንቱ የሚለው እንዳይቀር። አጥንት የሌለው ሥጋ የለመደ ሰው ይደነግጣል። ብዙ ዶሮ የሚጠብቅም አለና ስንት ብልት እንደሚመጣ ጻፊ። «ቺክን ስቱ» ብለሽ የበዓሉን ወጥ ከሌላው ጋር አታመሳስይው። በገና በፋሲካ የሚሠራ መሆኑን በአንድ ሐረግ ብትነግሪው ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለም ይገባዋል። ምንቸት አብሽ የተፈጨ ሥጋ ወጥ ነው፤ ስሙን ቃል በቃል ለመመለስ አትድከሚ። ዱለት ጨጓራና ጉበት እንዳለበት፣ ክትፎ ጥሬ ወይም ለብለብ ሆኖ እንደሚመጣ ሳትሸፋፍኚ ጻፊ። የሚወደው ፈልጎ ያዘዋል፣ የማይወደውም ሳያውቅ አይበላውም።

እንጀራን «ፓንኬክ» አትበይው፣ ጣፋጭ ይጠብቃል። ከተቦካ ጤፍ የተጋገረ፣ ለስላሳና ኮምጠጥ ያለ ቂጣ መሰል እንጀራ፣ ማንኪያም ሳህንም የሚሆን፣ በይው። «ግሉተን ፍሪ» የሚለውን ግን እህትሽን ሳትጠይቂ አትጻፊ። ጤፍ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር የለውም። ነገር ግን ስንዴ ወይም ገብስ የሚቀላቀልበት እንጀራ አለ፤ በተለይ ውጭ አገር። እንጀራው ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ሻጯን ጠይቂ። ግሉተን የሚያሳምመው በሽታ ላለበት ሰው ይህ ቃል ምርጫ አይደለም። ሳምቡሳው የስንዴ ሊጥ ነው፤ በያይነቱ ትሪ ላይ አብሮ የሚወጣ ከሆነ ለብቻው ጥቀሺው።

በያይነቱን በመጨረሻ ጻፊው። የእያንዳንዱ ምግብ መግለጫ ካለቀ በኋላ ሥራው ቀላል ይሆናል። በአንድ እንጀራ ላይ የሚቀርቡትን በስማቸው ብቻ ዘርዝሪ፣ ዝርዝሩ ከላይ አለና። ለስንት ሰው እንደሚበቃና ወጡ በየቀኑ ሊለዋወጥ እንደሚችል ጨምሪ። የሚለዋወጥ ከሆነ «የዛሬውን አስተናጋጁን ይጠይቁ» ማለት ነውር የለውም።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ብቻ። የአማርኛውን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፊ አንድ አጻጻፍ ምረጪና እስከ መጨረሻው ያዢው። ወጥ የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አይቻለሁ፤ አንዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ «እርጥብ» ተብሎ የሚነበበው ነው። ስሙን ግን ፈጽሞ አታጥፊው። እንግዳው የሚያዘው በስሙ ነው፣ አስተናጋጁም የሚሰማው ስሙን ነው። የአማርኛውን ፊደል ከጎኑ ብታስቀምጪ ደግሞ በጣቱ ያሳያል፣ ማብሰያ ቤት ድረስ ስሕተት የለም።

ሲያልቅ ለማተም አትቸኩይ። በወረቀት አውጪና አበሻ ምግብ በልቶ ለማያውቅ ሰው ስጪ። ስሞቹን በእጅሽ ሸፍነሽ መግለጫውን ብቻ አስነብቢው። ምን እንደሚመጣለት በራሱ ቃል ይንገርሽ። «ቀዝቃዛ ነው?»፣ «ሥጋ አለበት?»፣ «ስንት ነው የሚያቃጥለው?» ብሎ ከጠየቀሽ የጎደለውን መስመር አሳየሽ ማለት ነው። ከዚያ አስተናጋጆቹን ለሳምንት የሚጠየቁትን ጥያቄ በደብተር እንዲይዙ ንገሪያቸው። አንድ ጥያቄ ከተደጋገመ መልሱ ወደ ሜኑው ይግባ። ወጥ ሠሪ በተቀየረ ቁጥርም የዘይትና የቅቤውን፣ የድስቱንና የእንጀራውን ጥያቄ እንደገና ጠይቂ፤ አዲሷ በምስሩ ላይ ትንሽ ቅቤ ጣል ማድረግ የለመደች ልትሆን ትችላለች።